ትልቁ የካፒታል ቁልቁለት፦ የንግድ ስልትን ዘላቂነት የመለኪያ ዘዴ

በጎንደር ከተማና በአካባቢው የእህልና የቅባት እህል ንግድ አንድ የቆየ ስልት አለ። ነጋዴው አዝመራ እንደተሰበሰበ ገበያው ሲሞላ ይገዛል፤ በመጋዘን ያስቀምጣል፤ ክረምት ገብቶ እህል ሲወደድ ይሸጣል። ከደምቢያ የሚመጣው ጤፍ፣ ከዳባትና ከደባርቅ የሚወርደው ገብስ፣ ከመተማና ከቋራ የሚጫነው ሰሊጥ በዚህ ስልት ሲነገድባቸው ኖሯል። ስልቱ የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፤ ይኸውም በአዝመራ ወራትና በክረምት ወራት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የመጋዘኑን ኪራይ፣ የብልሽቱንና የጉዞውን ወጪ ሸፍኖ ትርፍ ይሰጣል የሚል ነው።

አንድ ሰው «ይህ ስልት ያዋጣል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የትርፍ አማካይ ነው። አማካዩ ግን ነጋዴው በመንገድ ላይ ምን እንዳጋጠመው አይናገርም። በመጨረሻው ዓመት አትርፎ የሚታይ ሰው በመካከል የካፒታሉን ግማሽ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ይህን በመካከል የደረሰውን ጉዳት የሚለካው ስሌት በእንግሊዝኛው ማክሲመም ድሮዳውን ይባላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ትልቁ ቁልቁለት» እንለዋለን። ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ቁልቁለት የሚለካው ከተነሡበት ጫፍ እስከ ደረሱበት ዝቅተኛ ቦታ መሆኑን ያውቃል፤ የስሌቱም ሐሳብ ይኸው ነው።

አለካኩ

ለማስተማሪያነት የታሰበ አንድ ነጋዴ እንውሰድ። ነጋዴው በ100,000 ብር የራሱ ካፒታል ይጀምራል። በየዓመቱ አንድ ዙር ይነግዳል፤ በየዙሩም ያለውን ገንዘብ በሙሉ ያውላል። ወጪው ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ የዐሥር ዙር ውጤቱ በሚከተለው ሠንጠረዥ ቀርቧል።

| ዙር | ውጤት (በመቶ) | ካፒታል (ብር) | እስካሁን የታየ ጫፍ (ብር) | ቁልቁለት (በመቶ) |
|---|---|---|---|---|
| 1 | +20 | 120,000 | 120,000 | 0 |
| 2 | +15 | 138,000 | 138,000 | 0 |
| 3 | −25 | 103,500 | 138,000 | 25 |
| 4 | +30 | 134,550 | 138,000 | 2.5 |
| 5 | +10 | 148,005 | 148,005 | 0 |
| 6 | −20 | 118,404 | 148,005 | 20 |
| 7 | +25 | 148,005 | 148,005 | 0 |
| 8 | −15 | 125,804 | 148,005 | 15 |
| 9 | +20 | 150,965 | 150,965 | 0 |
| 10 | +10 | 166,062 | 166,062 | 0 |

ስሌቱ ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ በየዙሩ መጨረሻ ያለው ካፒታል ይመዘገባል። ቀጥሎ ከመነሻው እስከዚያ ዙር ድረስ ከታዩት ካፒታሎች ሁሉ ትልቁ ይያዛል፤ ይህ «እስካሁን የታየ ጫፍ» ነው። በመጨረሻም ካፒታሉ ከዚህ ጫፍ በስንት በመቶ እንደወረደ ይሰላል። ጫፉን በ M፣ የወቅቱን ካፒታል በ V ብንወክል፦

D = (M − V) / M × 100

በመጨረሻው ዓምድ ከተገኙት የ D ዋጋዎች ውስጥ ትልቁ የስልቱ ትልቁ ቁልቁለት ነው። በምሳሌያችን 25 በመቶ ሲሆን የታየውም በ3ኛው ዙር ነው።

ጀማሪዎች እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶችን ይሠራሉ። አንደኛው ከዝርዝሩ ሁሉ ትልቁንና ትንሹን ቁጥር ወስዶ ማቀናነስ ነው። በምሳሌያችን ትልቁ 166,062፣ ትንሹ ደግሞ መነሻው 100,000 ነው፤ ነገር ግን ትንሹ የቀደመው ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ዳገት እንጂ ቁልቁለት አይደለም። ጫፉ ምንጊዜም ከዝቅተኛው ነጥብ በፊት የታየ መሆን አለበት። ሁለተኛው ስሕተት ኪሳራን ከመነሻው ገንዘብ ጋር ብቻ ማነጻጸር ነው። ነጋዴው በ3ኛው ዙር 103,500 ብር ስላለው «ከመነሻዬ 3,500 ብር አትርፌአለሁ» ሊል ይችላል። እውነቱ ግን በእጁ ከነበረው 138,000 ብር ውስጥ ሩቡን አጥቷል።

ከጥልቀቱ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ሌላ መለኪያ የማገገሚያ ጊዜ ነው። በ2ኛው ዙር የነበረው ጫፍ እንደገና የታለፈው በ5ኛው ዙር በመሆኑ ነጋዴው ለሦስት ዓመታት ከቀድሞው ሀብቱ በታች ኖሯል። የ5ኛውን ዙር ጫፍ ለማለፍ ደግሞ እስከ 9ኛው ዙር አራት ዓመታት ጠብቋል። በ7ኛው ዙር ወደዚያው መጠን ቢመለስም አላለፈውም ነበር። እንግዲህ ከዐሥሩ ዓመታት አብዛኞቹ ያለፉት ወደ ነበረበት ለመመለስ በመጣር ነው።

መውረድና መውጣት እኩል አይደሉም

25 በመቶ የወረደ ካፒታል ወደ ቀድሞው ጫፍ ለመመለስ 25 በመቶ ትርፍ አይበቃውም። 100 ብር 75 ሲሆን፣ 75ን ወደ 100 ለመመለስ የሚያስፈልገው 25 ብር ከ75 አንድ ሦስተኛ ነው፤ ስለዚህ የ33.3 በመቶ ትርፍ ይጠይቃል። የቁልቁለቱ መጠን በሰፋ ቁጥር ልዩነቱ በፍጥነት ይሰፋል። ለ20 በመቶ ቁልቁለት 25 በመቶ፣ ለ50 በመቶ 100 በመቶ፣ ለ80 በመቶ ደግሞ 400 በመቶ ትርፍ ያስፈልጋል።

ጥልቅ ቁልቁለት ከብዙ ትናንሽ ቁልቁለቶች የሚከፋው በዚህ ምክንያት ነው። ካፒታሉ በወረደ መጠን ለቀጣዩ ዙር የሚውለው ገንዘብ ያንሳል፤ ገበያው ሲሻሻልም የሚገኘው ትርፍ የሚሰላው በትንሹ ገንዘብ ላይ ይሆናል።

የኪሳራ ቅደም ተከተል

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሣ። እነዚሁ ዐሥር ውጤቶች በሌላ ቅደም ተከተል ቢመጡ ምን ይሆናል? የመጨረሻው ካፒታል አይለወጥም። እያንዳንዱ ዙር ካፒታሉን በአንድ ቁጥር ማብዛት ስለሆነ፣ ማብዛት ደግሞ ቅደም ተከተሉ ቢለዋወጥም ውጤቱ አንድ ስለሆነ፣ ነጋዴው በየትኛውም ቅደም ተከተል 166,062 ብር ላይ ይደርሳል። የትርፉም አማካይ ያው 7 በመቶ ነው።

ትልቁ ቁልቁለት ግን ይለወጣል። ሦስቱ የኪሳራ ዓመታት ተከታትለው ቢመጡ የሚቀረው ካፒታል 0.75 × 0.80 × 0.85 = 0.51 ይሆናል። ይህም የ49 በመቶ ቁልቁለት ነው። አንድ ዓይነት ውጤቶች፣ አንድ ዓይነት አማካይና አንድ ዓይነት መጨረሻ ያላቸው ሁለት ነጋዴዎች አንዱ ሩቡን፣ ሌላው ግማሹን ያህል የሚያጡበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ይህ ምን ያህል ሊያጋጥም ይችላል? ቅደም ተከተሉ በዕጣ እንደሚወጣ እናስብ። ሦስት የኪሳራ ዓመታት በዐሥር ቦታዎች ላይ በ120 የተለያዩ መንገዶች ሊቀመጡ ይችላሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ ጎን ለጎን የሚሆኑባቸው 8 ናቸው። ስለዚህ ዕድሉ 8 ከ120፣ ማለትም ከ15 አንድ ነው። ሁለቱ ትልልቅ ኪሳራዎች ማለትም 25ና 20 በመቶ ተከታትለው የመምጣታቸው ዕድል ደግሞ ከ5 አንድ ነው፤ እነርሱ ብቻቸውን 0.75 × 0.80 = 0.60 ስለሚሰጡ የ40 በመቶ ቁልቁለት ያስከትላሉ።

እንግዲህ በሠንጠረዡ ያገኘነው 25 በመቶ የስልቱ ቋሚ ባሕርይ ሳይሆን አንድ ጊዜ የወጣ ዕጣ ነው። ከዚህ ስልት ቢያንስ ከአምስት አንድ ጊዜ 40 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ቁልቁለት ይጠበቃል። አንድን ስልት የሚመረምር ሰው በመዝገብ የታየውን ትልቁን ቁልቁለት ብቻ ሳይሆን፣ ውጤቶቹን ደጋግሞ በመበወዝ ሊታይ ይችል የነበረውንም ማስላት ይኖርበታል። በኮምፒውተር ይህን ብዙ ሺሕ ጊዜ መድገም የጥቂት ሴኮንዶች ሥራ ነው። ተማሪዎችም ዐሥሩን ውጤቶች በዐሥር ቁራጭ ወረቀት ጽፈው፣ በውዝው በማውጣት ሊሞክሩት ይችላሉ።

የመቋቋሚያ ወሰን

ቁልቁለቱ ከታወቀ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ «ይህን ያህል መውረድን ማን ይቋቋማል?» የሚለው ነው። የዚህን መልስ ገበያው አይሰጥም፤ የሚሰጠው የነጋዴው ኑሮ ነው። የመጋዘን ኪራዩ፣ የቤተሰቡ ቀለብ፣ የብድሩ መክፈያ ቀን ተደምረው አንድ ወሰን ያበጃሉ። ካፒታሉ ከዚያ በታች ከወረደ ነጋዴው ስልቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ እንኳ ከገበያው ይወጣል።

በደባርቅ ደጋ ገብሱን አስቀምጦ ክረምት ላይ ለመሸጥ የሚጠብቅ ገበሬ ወሰኑ ዘሩና በሬው ነው። ዋጋ ወርዶ ዕዳ ለመክፈል በሬውን ከሸጠ በሚቀጥለው ዓመት ገብስ ቢወደድም የሚሸጠው ምርት አይኖረውም። በወረቀት ላይ ስልቱ አገግሟል፤ ሰውየው ግን አላገገመም። የምሳሌያችን ነጋዴ ወሰን 40 በመቶ ቢሆን በሠንጠረዡ ቅደም ተከተል ይተርፋል፤ ቢያንስ በአምስተኛው የዕጣ ክፍል ግን ወሰኑ ላይ ይደርሳል ወይም ያልፈዋል። 166,062 ብር የሚባለው መጨረሻም ለእርሱ የለም፤ ምክንያቱም እስከ 10ኛው ዙር አልቆየም።

ብድር ቁልቁለቱን እንዴት ያሰፋዋል?

ነጋዴው በየዙሩ ከራሱ ካፒታል ጋር እኩል የሆነ ገንዘብ በ12 በመቶ ወለድ እየተበደረ ቢነግድ ምን ይሆናል? በመጀመሪያው ዙር 200,000 ብር አውሎ 240,000 ያገኛል። ዕዳውን ከነወለዱ 112,000 ከፍሎ 128,000 ብር ይቀረዋል፤ ያለ ብድር 120,000 ብቻ ነበር። በ2ኛው ዙር 151,040 ብር ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ ብድሩ ጠቅሞታል።

በ3ኛው ዙር 302,080 ብር ያወጣበት ሸቀጥ 25 በመቶ ሲወርድ 226,560 ብር ይሆናል። ዕዳው ግን አይወርድም፤ ከነወለዱ 169,165 ብር ነው። የሚቀረው 57,395 ብር ሲሆን ቁልቁለቱ 62 በመቶ ነው። ሸቀጡ ሩቡን ብቻ ያጣው ሲሆን የነጋዴው የራሱ ገንዘብ ግን ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። ስሌቱን በሠንጠረዡ ቅደም ተከተል እስከ መጨረሻው ብንቀጥል፣ በ8ኛው ዙር 35,246 ብር ላይ ይደርሳል። ትልቁ ቁልቁለት 77 በመቶ ይሆናል፤ በ10ኛው ዙር መጨረሻም በእጁ ያለው 48,724 ብር ብቻ ነው። ያለ ብድር 166,062 ብር ያስገኙት እነዚያው ዐሥር ዓመታት ናቸው።

ብድሩ የራሱን ካፒታል ሁለት እጥፍ ቢሆን ደግሞ የ3ኛው ዙር ኪሳራ ብቻውን ታሪኩን ይዘጋዋል። ከእያንዳንዱ 100 ብር የራሱ ገንዘብ ጋር 200 ብር ተበድሮ 300 ብር ያውላል፤ ሸቀጡ 225 ብር ይሆናል፤ ዕዳው 224 ብር ነው። ከ100 ብር የቀረው 1 ብር ነው።

በዓለም ገበያ የዚህ ዓይነት ስሌት በጉልህ የታየው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በኖቤል ተሸላሚ የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት የታገዘው ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለ የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት በዓመቱ መጀመሪያ 4.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል የራሱ ካፒታልና ከ120 ቢሊዮን ዶላር በላይ ብድር ነበረው። በመስከረም መጨረሻ ካፒታሉ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወርዶ ነበር፤ ይህም ከ90 በመቶ በላይ ቁልቁለት ነው። ድርጅቱ ብዙዎቹ ግምቶቹ በጊዜ ሂደት ትክክል ይሆናሉ ብሎ ያምን ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ ለመጠበቅ የሚያስችል ካፒታል አልነበረውም።

መዝገቡ የማያሳየው

በዕጣ የማውጣቱ ስሌት አንድ ድክመት አለው። ዓመታቱ እርስ በርሳቸው እንደማይገናኙ ይቈጥራል። በእውነተኛው ገበያ ግን ኪሳራዎች ተያይዘው ይመጣሉ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000ና በ2001 በተከታታይ ጥሩ የመኸር ምርት በመገኘቱ በ2002 መጀመሪያ የበቆሎ ዋጋ በዋና ዋና አምራች አካባቢዎች ክፉኛ ወደቀ። የመጀመሪያው ዓመት ምርት ተርፎ ሁለተኛው ሲደረብበት ዋጋው እንዲወጣ የጠበቀ ሁሉ የሚጠብቀው ሌላ ምርት ሆነ። ማዳበሪያ በብድር የወሰዱ ገበሬዎችም ዕዳቸውን ለመክፈል በዚያው በወረደው ዋጋ ለመሸጥ ተገደዱ። በዚያው በ2002 ዝናብ አጠረ፤ በ2003 ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ርዳታ ፈላጊ ሆነ፤ የእህልም ዋጋ መልሶ ናረ። ዋጋው ሲመለስ የተጠቀመው በቁልቁለቱ ወቅት ሳይሸጥ መቆየት የቻለ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ድክመት የመዝገቡ ርዝመት ነው። ትልቁ ቁልቁለት መዝገቡ ሲረዝም ሊያድግ ይችላል እንጂ ከቶ አያንስም። ስለዚህ የሦስት ዓመት መዝገብ ያለውን ስልት ከዐሥር ዓመት መዝገብ ካለው ጋር ማወዳደር ለአጭሩ ያደላል።

ሦስተኛው በየስንት ጊዜው እንደምንለካ ነው። የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ጥቅል ዋጋ ዓመታዊ አማካይ እ.ኤ.አ. በ1997 በፓውንድ 133.91 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ በ2001 ወደ 45.60 ወረደ። ይህ የ66 በመቶ ቁልቁለት ነው። የ1997ቱ አማካይ የታለፈው ከ13 ዓመታት በኋላ በ2010 ነው። የዕለት ዋጋን ብንመለከት ግን በኒው ዮርክ ገበያ የዐረቢካ ቡና በግንቦት 1997 ከ3 ዶላር አልፎ በ2001 ከ50 ሳንቲም በታች ወርዷል፤ ቁልቁለቱም ከ83 በመቶ ይበልጣል። ዓመታዊው አማካይ ጫፉንም ወለሉንም አለዝቧቸዋል። ሸቀጡን የሚቈጥረው ሲሸጥ ብቻ የሆነ ነጋዴም እንዲሁ ነው። በመዝገቡ ትንሽ ኪሳራ የሚያሳይ ዙር፣ ብድሩ በሚከፈልበት ወር ላይ ግን ጥልቅ ቁልቁለት ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ቁልቁለቱን ወደ ወሰኑ ማምጣት

ነጋዴው የገበያውን ዋጋ መወሰን አይችልም፤ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያውል ግን ይወስናል። በየዙሩ የካፒታሉን ግማሽ ብቻ አውሎ ግማሹን በጥሬ ገንዘብ ቢይዝ እያንዳንዱ ውጤት በግማሽ ያንሳል። ሦስቱ ኪሳራዎች ተከታትለው ቢመጡ እንኳ 0.875 × 0.90 × 0.925 = 0.728 ስለሚቀር ቁልቁለቱ ከ49 ወደ 27 በመቶ ይወርዳል። የመጨረሻው ካፒታል 135,150 ብር ይሆናል። ነጋዴው 31,000 ብር ገደማ ትርፍ ትቶ ክፉው ቅደም ተከተል ቢገጥመውም ከ40 በመቶው ወሰን ርቆ ይቆያል።

የስሌቱ አጠቃቀም እንግዲህ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ የራስ ወሰን ይታወቃል፤ ቀጥሎ በመዝገብ የታየው ብቻ ሳይሆን ሊታይ የሚችለው ቁልቁለት ይሰላል፤ ከዚያም ሁለተኛው ከመጀመሪያው በግልጽ እስኪያንስ ድረስ የሚውለው ገንዘብ ይቀነሳል። በዚህ ምሳሌ ከ1997 እስከ 2010 የነበረው የቡና ዋጋ ዐይነት ረጅም ቁልቁለት ከቶ እንዳልተካተተ መዘንጋት አይገባም፤ ስለሆነም በወሰኑና በተሰላው ቁልቁለት መካከል ሰፊ ርቀት መተው ያስፈልጋል።

መልመጃ

1. የአንድ ነጋዴ ካፒታል በየዙሩ መጨረሻ 80,000፣ 100,000፣ 90,000፣ 110,000፣ 66,000፣ 99,000 እና 121,000 ብር ነው። ትልቁን ቁልቁለትና የማገገሚያ ጊዜውን አስሉ።

2. ነጋዴው የካፒታሉን ግማሽ ያህል በ12 በመቶ ወለድ ተበድሮ የሚነግድ ቢሆን፣ የራሱ ገንዘብ ፈጽሞ እንዲጠፋ ሸቀጡ በአንድ ዙር በስንት በመቶ መውረድ አለበት?

መልስ፦ 1. ከ110,000 ወደ 66,000 ስለሆነ 40 በመቶ፤ ጫፉ የታለፈው ከሦስት ዙር በኋላ ነው። 2. ከ150 ብር ሸቀጥ 56 ብር ዕዳ ስለሚከፈል፣ ሸቀጡ ወደ 56 ብር ሲወርድ፣ ማለትም 62.7 በመቶ ሲቀንስ ነው።